እስክስታው ትዝ ይለኛል፣ ዘፈኑ ግን ጠፋኝ

ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ስልክ እጠግናለሁ፣ ፍላሽ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። ጎንደር ውስጥ ጥምቀት አልፎ ሰርጉ ሲጀምር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይበዛብኛል። ሰው ይገባና «እንዲህ እንዲህ የሚሉበትን ዘፈን ጫንልኝ» ይለኛል። ከዚያ እዚያው ቆሞ እስክስታ ይወርዳል። ወረፋ የሚጠብቀውም ያጨበጭብለታል።

ባለፈው ጥር አንዲት እህት እንዲሁ መጣች። ወንድሟ ሊያገባ ነው። ሚዜዎቹ አብረው የሚጨፍሩበት ዘፈን ትፈልጋለች፤ ቲክቶክ ላይ ነው ያየችው። ግጥሙን አታውቀውም፣ ዜማውም ጠፍቶባታል። የቀራት እንቅስቃሴው ብቻ ነው። ለሦስት ጭብጨባ ያህል ትከሻ በፍጥነት ይመታል። በአራተኛው ሁሉም ቀጥ ይላል፣ አንገት ብቻ ወደ ቀኝ ይሰበራል። ይህን እየደጋገሙ ቀስ በቀስ ይንበረከካሉ።

ዘፈኑን ለማግኘት አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጀብን። የተሰናከልንባቸው ቦታዎች ሌላውም ሰው የሚሰናከልባቸው ስለሆኑ በተራ ልንገራችሁ።

«ቪዲዮው ራሱ የለም፤ ቁልቁል ባወርድ ባወርድ አይመጣም»

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቲክቶክ ሲከፈት ሁሌ አዲስ ነገር ነው የሚደረድረው። ያለፈውን መልሶ አያመጣላችሁም። ግን ያያችሁትን መዝግቦ ይይዛል። ከፕሮፋይላችሁ ላይ ሦስቷን መስመር ተጫኑ። `Settings and privacy` ውስጥ ግቡ፣ ከዚያ `Activity center`፣ ከዚያ `Watch history`። ያለፉት 180 ቀናት ቪዲዮዎች እዚያ አሉ።

የእኛ ደንበኛ ግን እዚያም ብትፈልግ አጣችው። ለካ ያየችው በታናሽ እህቷ ስልክ ነው! መዝገቡ የአካውንቱ እንጂ የሰውየው አይደለም። ታናሿ ከነስልኳ ተጠራች፣ መጣች፣ ቪዲዮው ከአምስት ቀን በፊት ከታዩት መሃል ተገኘ። በሰው ስልክ ያያችሁትን በራሳችሁ ስልክ አትፈልጉ።

«ቪዲዮው ተገኘ፤ ዘፈኑን ሳዳምጠው ግን አልገጥም አለኝ»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቪዲዮውን ያገኘ ሰው ዘፈኑንም ያገኘ ይመስለዋል። ከታች በስተቀኝ የምትሽከረከረውን ክብ ይጫንና ስሟን ጽፎ ይሄዳል። እኛም ተጫንናት። `original sound` ይላል፣ አጠገቡ የለጠፈው ሰው ስም አለ። ይህ ማለት ድምፁ ከቲክቶክ የዘፈን መዝገብ አልተወሰደም፤ ሰውየው ራሱ ከቪዲዮው ጋር የጫነው ነው። ምን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ድምፁ የዳንሱ መሆን አለመሆኑን የሚነግራችሁ ትከሻው አይደለም። እስክስታ እየተመታ ሳለ የትኛውም ፈጠን ያለ ዘፈን ከስር ቢገባ የገጠመ ይመስላል። ዓይናችሁን የሚቆምበት ቦታ ላይ ጣሉ። ተወዛዋዦች ዝም ብለው ቀጥ አይሉም። ከበሮው ወይም ድራሙ ስለሚያርፍ ነው የሚያርፉት። ስለዚህ ቪዲዮውን አጫውቱና ቀጥ በሚሉበት ሰከንድ ጆሯችሁን ስጡ። በእኛው ቪዲዮ ልጆቹ ቀጥ ሲሉ ድራሙ እንደ ጉድ ይቀጥላል። ድራሙ ሲያርፍ ደግሞ ልጆቹ ትከሻቸውን እየመቱ ነው። አንዴ ቢሆን ስህተት ነው ይባላል። አራት ጊዜ ተደጋገመ። ድምፁ ተቀይሯል ማለት ነው፤ አንዱ የሰው ቪዲዮ አውርዶ የራሱን ዘፈን ከስር አድርጎበታል።

መፍትሄው ወደ ምንጩ መሄድ ነው። ከቲክቶክ የወረደ ቪዲዮ ላይ የመጀመሪያው ባለቤት ስም በ`@` ጀምሮ ታትሞ ይቀራል። ምልክቱ ቦታ እየቀያየረ ስለሚታይ አንዳንዴ ጥልፍ ቀሚስ ላይ ያርፍና አይነበብም። ቪዲዮውን አቁማችሁ ትንሽ ትንሽ እያስኬዳችሁ ጥቁር ነገር ላይ ሲያርፍ አንብቡት። እኛ የአንዱ ልጅ ጥቁር ሱሪ ላይ አገኘነው። ስሙን ሰርች አድርገን የባለቤቱ ገጽ ላይ ገባን። ያው ዳንስ፣ ያው ልብስ፣ ሌላ ዘፈን። ልጆቹ ቀጥ ሲሉ ድራሙም ቀጥ አለ። ደንበኛዬ ቆማ አጨበጨበች። ለደስታ ግን ገና ነበር።

«ትክክለኛው ድምፅ ይኸው፤ ሻዛም ግን አላውቀውም አለ»

ሻዛም የሰማውን ዘፈን ስም የሚነግር መተግበሪያ ነው፤ ዜማ ግን አያውቅም። የተቀዳውን ድምፅ ይወስድና ጎላ ጎላ ያሉት ነጥቦች በየትኛው ቅጽበት፣ በምን ያህል ቅጥነት እንደመጡ ይመዘግባል። ከዚያ ያንን ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። ስለዚህ አንድ ዘፈን መድረክ ላይ እንደገና ቢዘፈን ለሱ ሌላ ነገር ነው። እናንተ ብታንጎራጉሩለትም አይገባውም። ለማንጎራጎር የጉግል መተግበሪያ ይሻላል። ማይኩን፣ ከዚያ `Search a song` የሚለውን ተጭናችሁ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ዜማውን ብቻ ታሰሙታላችሁ። ዜማው ለጠፋበት ሰው ግን ይህም አይሆንም።

የእኛው ችግር ሌላ ነበር። ዘፋኙ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኗል። አጭር ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች ዳንሱ እንዲደምቅ ብለው ዘፈኑን ያፈጥኑታል። ሲፈጥን ደግሞ ይቀጥናል። ትንሽ ከሆነ ሻዛም ሊያልፈው ይችላል፤ ሲበዛ ግን ነጥቦቹ ሁሉ ከቦታቸው ይነሳሉ።

እዚህ ጋ እንቅስቃሴው ይጠቅማችኋል። ቪዲዮውን አጫውቱና ሰዓት ይዛችሁ ለ15 ሰከንድ ጭብጨባውን ቁጠሩ፣ በአራት አባዙ። ትከሻ አትቁጠሩ። በአንድ ጭብጨባ ውስጥ ትከሻ ሁለቴም ሦስቴም ሊመታ ስለሚችል ቁጥሩ እጥፍ ይሆንባችኋል። ጭብጨባ ከሌለ የእግርን ወይም የጉልበትን ምት ያዙ። እኛ 32 ቆጠርን፤ በደቂቃ 128 ማለት ነው።

ቀጥሎ ድምፁን ኮምፒውተር ላይ አውርጄ ድምፅ በሚያስተካክለው ፕሮግራም በ`Audacity` ከፈትኩት። `Change Speed and Pitch` የሚለውን ተጠቀሙ፤ ፍጥነቱንም ቅጥነቱንም አብሮ ነው የሚያወርደው። ፍጥነትን ብቻ የሚያወርደውን ከነካችሁ ዘፋኙ ቀርፋፋ ሕፃን ሆኖ ይቀራል። 0.9 ሞከርን፣ አሁንም ቀጭን ነው። 0.8 ላይ የጎልማሳ ድምፅ ሆነ። የ1.25 ፍጥነት ወደ ቦታው የሚመለሰው 0.8 ላይ ነው፤ ልጆቹ አብዝተው የሚወዱትም ያቺን 1.25 ይመስለኛል። በሁለተኛ ስልክ ሻዛም ከፍተን አሰማነው። አሁንም የለም። የድሮ ዘፈንና ባህላዊ ነገር ላይ ይህ ይገጥመኛል፤ መዝገቡ ውስጥ ያልገባ ዘፈን ፍጥነቱ ቢስተካከልም አይገኝም።

ግን ድካሙ ከንቱ አልቀረም። ድምፁ ሲረጋ ግጥሙ ተሰማ። ደንበኛዬ ግማሽ ስንኝ ጻፈች።

«ግጥሙን ጻፍኩት፤ ዩቲዩብ ግን ሌላ ነገር ያመጣል»

የኛ ፊደል ጣጣ ነው። «ዓይን» ያለ አለ፣ «አይን» ያለ አለ። «ፀሐይ»ን አንዱ በ«ጸ»፣ ሌላው በ«ሀ» ይጽፋታል። ዩቲዩብ ሁልጊዜ አንድ አድርጎ አያያቸውም። ሁለት ሦስት ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉት። ካልመጣ የግጥሙን ቃል በላቲን ፊደል እንደሚነበበው ጻፉት፤ ብዙ ሰው የሚጭነው እንደዚያ ነው። አንድ ሙሉ ስንኝ ከመጻፍ ከአዝማቹ ሁለት ቃል ይበልጣል፤ የዘፈን ርዕስ አብዛኛውን ጊዜ ከአዝማቹ ነው የሚወጣው። እኛ በላቲን ስንጽፈው ከላይ አራተኛው ላይ መጣ።

ደንበኛዬ የዘፈኑን መግቢያ አዳምጣ «ይሄ አይደለም» አለች። ልትዘጋው ስትል ያዝኳት። አጭር ቪዲዮ የሚቆረጠው ከዘፈኑ መግቢያ አይደለም፣ ሞቅ ካለው ቦታ ነው። ወደ ሁለተኛው ደቂቃ አሻገርኩላት። ግጥሙ ያርፋል፣ ኪቦርዱ ብቻውን ይቀራል፣ በየአራተኛው ምት ድራሙ ቀጥ ይላል። 15 ሰከንድ ቆጠርን፦ 26። በደቂቃ 104 ነው። ያፈጠኑት 128 በ0.8 ሲባዛ 102 አካባቢ ስለሚመጣ ልክ ነን። በጭብጨባ ቆጠራ አንድ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ አትጨነቁ። እሷ ግን ቁጥሩን አልጠበቀችም፣ መንበርከክ ጀምራለች።

«ዳንሱ የጎንደር ነው፤ የጎንደር ዘፈን ሁሉ ፈለግሁ፣ የለም»

አለባበስና ትከሻ አያታልሏችሁ። አንድ የባህል ቡድን በአንድ ምሽት የጎንደሩንም የጎጃሙንም የወሎውንም ይጫወታል። ልጆች ደግሞ የጎንደር እስክስታን በፈለጉት ዘፈን ላይ ይጭኑታል። እንቅስቃሴው የዘፈኑን አገር አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ የሚያርፍበትን ቦታና ፍጥነቱን ነው።

«ከሰርግ ላይ የተቀረጸ ነው፤ የትም የለም»

እዚህ ጋ አብዛኛውን ጊዜ እጄን እሰጣለሁ። ከስር መሲንቆ ከተሰማ፣ እልልታውና ሳቁ ከግጥሙ ጋር ከተደባለቀ፣ ግጥሙ ውስጥም የሙሽራው ወይም የሚዜው ስም ከተጠራ፣ ያ አዝማሪ እዚያው የገጠመው ነው። ዜማው የታወቀ ሊሆን ይችላል፤ ያ ግጥም ግን በካሴትም በሲዲም አልወጣም። ሻዛም ላይ ካርድ አትጨርሱ። ኮሜንት ላይ የዘፈኑን ስም ሳይሆን «መሲንቆውን የመታው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለፈው አንዱ እንዲህ ጠይቆ አዝማሪው እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ውስጥ ተገኘ። ፍላሹን ባዶውን መለሰልኝ፣ ሰውየውን ለሰርጉ ቀጥሮታል።