ውል ላይ የተጻፈ ገደብ በዛብኝ? ፍርድ ቤት የሚቀንስልህ መቼ ነው

ውል ጸሐፊ ጋ ሄደህ የምታስጽፈው ውል መጨረሻው ላይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ይህን ውል ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው ብር ይህን ያህል ገደብ ይከፍላል።» ሁሉም ይፈርማል። ጣጣው የሚመጣው ውሉ ሲፈርስ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እወቅ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ (ከቁጥር 1889 ጀምሮ ያሉትን አንብብ) ገደብ ጠያቂው ጉዳት ደርሶብኛል ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። አንድ ብር ባይከስርም ይጠይቃል። ዳኛው ደግሞ «በዛ» ስላልከው ብቻ አይቀንስልህም፤ ለመቀነስ በሩ የሚከፈተው ውሉ በከፊል ተፈጽሞ ከሆነ ነው። የሕጉ አርቃቂ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበር፤ ፈረንሳዮች ራሳቸው በ1975 እ.ኤ.አ. ሕጋቸውን አሻሽለው ዳኛው ከልክ ያለፈ ገደብን እንዲቀንስ ፈቀዱ፣ የኛ ግን እዚያው ቀረ።

ስለዚህ ተከሰህ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ።

አንደኛ፣ ውሉ ራሱ የጸና ነው ወይ? ውሉ ከወደቀ ገደቡም አብሮ ይወድቃል። ያልፈጸምከው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነም ይህንኑ አንሳ። ግን «ዕቃ ተወደደ» ብቻውን ከአቅም በላይ አይባልም።

ሁለተኛ፣ የሠራኸውን ቁጠር። ዋናው ይሄ ነው። በ400,000 ብር የቤት ማጠናቀቂያ ሥራ ወሰድክ እንበል፣ ገደቡ 120,000 ነው። ልስኑንና ሴራሚኩን ጨርሰህ፣ ቀለሙ ቀርቶ ተጣላችሁ። ሥራው በባለሙያ ሲገመት ሦስት አራተኛው ተሠርቷል ከተባለ፣ የቀረው ሩብ ነውና ገደቡም ወደ 30,000 ይውረድ ብለህ ትከራከራለህ። ዳኛው በዚህ ስሌት አይገደድም፣ ግን መነሻ ሰጠኸው ማለት ነው። የተሠራው ለባለቤቱ የሚጠቅም መሆኑንም አሳይ፤ ፈርሶ እንደገና የሚሠራ ልስን ተሠራ ማለት ያስቸግራል። ፎቶ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ ርክክብ የተፈረመበት ወረቀት ካለ አያይዝ።

ሦስተኛ፣ ይህን በመጀመሪያው የመከላከያ መልስህ ላይ ጻፈው። «ውሉን አላፈረስኩም፤ አፍርሷል ብባል እንኳ በከፊል ስለፈጸምኩ ገደቡ ይቀነስልኝ» በል። ሁለቱን አብሮ ማንሳት ይቻላል። ብዙ ሰው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ይሟገትና ሁለተኛውን ይግባኝ ላይ ያስታውሰዋል፤ ያኔ አዲስ ክርክር ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

ከሳሹ ሥራውም ይፈጸምልኝ ገደቡም ይከፈለኝ ካለ ደግሞ ውሉን እንደገና አንብብ። ሁለቱን አንድ ላይ መጠየቅ የሚችለው በዋናነት ገደቡ ለመዘግየት የተቀመጠ ሲሆን ነው። «ውሉን ያፈረሰ» የሚል ገደብ ከሆነ አንዱን ይምረጥ።

ገና ያልፈረምክ ከሆንክማ ቀላል ነው፦ በጥቅሉ 120,000 ከሚባል፣ ለዘገየ ቀን ይህን ያህል፣ ከዚህ ጣሪያ ሳያልፍ ተብሎ እንዲጻፍ አድርግ።