ጠባብ መታጠቢያ ቤት ላይ ሴራሚክ ሲነጠፍ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

በጣም የሚያናድደኝን ስህተት አስቀድማለሁ፤ ሴራሚኩን ገዝቶ ልኩን በኋላ ማሰብ። የወለሉን ስፋት በካሬ ሜትር ያሰላሉ፣ ለብክነት አሥር በመቶ ይጨምሩበታል፣ ከዚያም ዓይናቸው የወደደውን ሴራሚክ ጭነው ይመጣሉ። ሰፊ ሳሎን ላይ ይህ ስሌት ብዙም አያሳፍርም። መታጠቢያ ቤት ላይ ግን ወለሉ ትንሽ ስለሆነ ከሚነጠፈው አብዛኛው የሚቆረጥ ነው፤ ስለዚህ ብክነቱን የሚወስነው መቶኛው ሳይሆን የክፍሉ ልክና የሴራሚኩ ልክ እንዴት እንደሚገጥሙ ነው።

በዚህ እኔም ወድቄበታለሁ። ወለሉ 140 በ205 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ወደ 2.9 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። ሴራሚኩ 60 በ60 ነው። አሥር በመቶ ሲጨመርበት 9 ሴራሚክ ይበቃል ብዬ አስገዛሁ። ሥራው ላይ ግን ወለሉ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ከመካከል ጀመርኩ፤ በወርዱ 40፣ 60፣ 40፤ በቁመቱ 42.5፣ 60፣ 60፣ 42.5። ለዓይን የሚያምር አቀማመጥ ነው። ነገር ግን ሳይቆረጡ የገቡት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ከእያንዳንዱ ከተቆረጠው የሚተርፈው 20 ወይም 17.5 ሴንቲ ሜትር ቅዳጅ ሌላ ቦታ የሚገባ አልሆነም። በጠቅላላው 12 ሴራሚክ፣ ማለትም 4.3 ካሬ ሜትር አስፈለገ። ሦስቱን ለመጨመር ስንመለስ ከሌላ የምርት ዙር የወጣ ነበር፤ ካርቶኑ ላይ ያለው የቀለም ቁጥር እንደሚለያይ ያየሁት ከተነጠፈ በኋላ ነው። የቀን ብርሃን ሲገባ ሦስቱ ተለይተው ይታያሉ። እስካሁን ድረስ ያ ወለል ትዝ ሲለኝ ይቆጨኛል።

ከጥግ ሙሉ ሴራሚክ ይዤ ብጀምር በእርግጥ ዘጠኙ ያደርሱኝ ነበር። ያኔ ግን በአንዱ ግድግዳ ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ቀጭን ቁራጭ ይሰለፋል። ዓይን እሱን ሲያይ ክፍሉ ወደ አንድ ጎን የተገፋ ይመስለዋል፤ ግድግዳው ትንሽ ከተንጋደደም ቀጭኑ ቁራጭ ያጋልጠዋል።

ታዲያ ያን ወለል ዛሬ ብሠራው 30 በ60 እመርጣለሁ። የሴራሚኩን ረጅም ጎን በክፍሉ ወርድ አጋድሜ፣ እያንዳንዱን ረድፍ ካለፈው በሴራሚኩ ርዝመት ሲሶ፣ ማለትም በ20 ሴንቲ ሜትር አንሸራትታለሁ። የመጀመሪያው ረድፍ 60፣ 60፣ 20 ይሆናል፤ ሁለተኛው 40፣ 60፣ 40፤ ሦስተኛው 20፣ 60፣ 60። አሁን ቁራጮቹን ይመልከቱ። ሁለተኛው ረድፍ ሁለት ባለ 40 ቁራጭ ይፈልጋል፤ ከሁለቱ የሚተርፉት ባለ 20 ቅዳጆች አንዱ ለመጀመሪያው ረድፍ መጨረሻ፣ ሌላው ለሦስተኛው ረድፍ መጀመሪያ ይሆናሉ። ሁሉም የተቆረጠ ጠርዛቸውን ወደ ግድግዳው፣ የፋብሪካ ጠርዛቸውን ወደ መጋጠሚያው አድርገው ይገባሉ። ሦስቱ ረድፍ በሰባት ሴራሚክ ያለቃል፤ ከወርዱ በኩል የሚጣል የለም። ቁመቱ ስድስት ሙሉ ረድፍና አንድ ባለ 25 ሴንቲ ሜትር ረድፍ ይይዛል፤ ብክነቱ ከዚያ ከመጨረሻው ረድፍ የሚቀነሰው አምስት አምስት ሴንቲ ሜትርና ከእሱ የሚተርፍ አንድ ቅዳጅ ብቻ ነው። በድምሩ 17 ሴራሚክ፣ ወደ 3.1 ካሬ ሜትር። ለስብራትና ለወደፊት ጥገና ሦስት ጨምረው 20 ይግዙ፤ የተረፈውንም አይስጡ።

በሩ በጠባቡ በኩል ስለሆነ የሚገባ ሰው የሚያየው ወርዱን ተሻግረው የተጋደሙ ረጃጅም ሴራሚኮች ነው፤ ጠባቡን ጎን ሰፋ አድርገው የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። ይህ ስሌት ለዚያ ክፍል የሚሠራ ነው። የእርስዎ ክፍል 150 ወይም 165 ከሆነ ሌላ መልስ ይመጣል። ወለሉን በወረቀት ላይ ሳሉት፣ በሁለት በሦስት የሴራሚክ ልክ ሞክሩት፣ ካሬ ሜትሩን ትተው የሚፈልጉትን የሴራሚክ ብዛት አንድ በአንድ ይቁጠሩ። መጋጠሚያውንም አይርሱ፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን በሁለት መጋጠሚያ ስድስት ሚሊ ሜትር ይወስዳል፤ የመጨረሻው ቁራጭ 20 ሳይሆን 19.4 ነው። ግድግዳውም ሴራሚክ የሚለብስ ከሆነና ቀድሞ የሚሠራ ከሆነ ወለሉን ከዚያ በኋላ ይለኩ።

ረጅም ሴራሚክን እንደ ጡብ በግማሽ ማንሸራተት ሌላው ስህተት ነው። ረጅም ሴራሚክ ሲጋገር መካከሉ በጥቂቱ ወደ ላይ ይጎብጣል። በግማሽ ሲንሸራተት የአንዱ ከፍተኛ ቦታ ከጎረቤቱ ዝቅተኛ ጫፍ ጎን ያርፋል፤ ጣት የሚያደናቅፍ፣ በጎን ብርሃን ጥላ የሚጥል ጠርዝ ይፈጠራል። የአሜሪካ የሴራሚክ አነጣጠፍ ደረጃ አንድ ጎኑ ከ38 ሴንቲ ሜትር ለሚበልጥ ሴራሚክ ማንሸራተቻውን በሲሶ የሚገድበው በዚህ ምክንያት ነው። ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ሴራሚክ ፊት ለፊት አጋጥመው ጫፎቻቸውን ይዩ፤ ጫፉ ላይ ክፍተት ካለ ጉብጠቱ ያ ነው።

ሰያፍ አነጣጠፍ ክፍል ያሰፋል የሚለውን ምክር ለትንሽ መታጠቢያ ቤት አልቀበለውም። ዙሪያው በሙሉ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ይሆናል፣ ዓይንም የሚያርፍበት ቀጥ ያለ መስመር ያጣል።

ሴራሚኩን በጥንቃቄ መርጠው ነጭ ወለል ላይ መጋጠሚያውን በጥቁር ግራውት የሚሞሉ ሰዎች አሉ። ያኔ የሚታየው ወለሉ ሳይሆን የመስመሮቹ መረብ ነው፤ ትልቅ ሴራሚክ በመምረጥ የተገኘው ስፋት እዚያው ይጠፋል። ከሴራሚኩ ቀለም ጋር የተቀራረበ፣ ወለል ስለሆነ ከእሱ ትንሽ ጠቆር ያለ ይምረጡ።

«ትንሽ ክፍል፣ ትንሽ ሴራሚክ» የሚለው አባባልም ስህተቱ ይኸው የመስመር ብዛት ነው፤ ሴራሚኩ ባነሰ ቁጥር መጋጠሚያው ይበዛል፣ ዓይንም በየመስመሩ ይቆማል። ትንሹ ሴራሚክ ግን አንድ ቦታ ላይ የግድ ያስፈልጋል፤ ሻወሩ ሥር። እዚያ ወለሉ በሜትር ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ እየዘቀጠ ከአራቱም አቅጣጫ ወደ ፍሳሽ መውጫው መውረድ አለበት። 60 በ60 ሴራሚክ ግትር ስለሆነ ተዳፋቱን ተከትሎ አይታጠፍም፤ ወይ በሰያፍ ይቆረጣል፣ ወይ ውሃ የሚያቁር ወለል ይቀራል። አምስት በአምስት ሴንቲ ሜትር ሞዛይክ ግን ተዳፋቱን ይከተላል፤ የመጋጠሚያው ብዛትም እርጥብ እግር እንዳይንሸራተት ይረዳል። ሞዛይኩ የተቀረውን ወለል ቀለም ከያዘ ክፍሉ አይቆራረጥም። ትልቁ ሴራሚክ ሻወሩ ውስጥም ይቀጥል ካሉ መውጫው በግድግዳው ሥር የሚዘረጋ ረጅም መስመር ይሁን፤ ወለሉ ያኔ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይዘቅጣል።

ጀማሪዎች «ከመካከል ጀምር» የሚለውን እንደ ሕግ ይይዙታል። በዚህ ልክ ክፍል እኔ የምጀምረው ከበሩ ነው። ቆመው ከደጃፉ ይመልከቱ፤ መጀመሪያ የሚታየው ደፉ ነው፣ የመጸዳጃ መቀመጫው ኋላ ያለው ወለል ግን ሳይጎነበሱ አይታይም። ሙሉው ረድፍ በሩ ላይ ይሁን፣ ባለ 25ቱ ቁራጭ ከመቀመጫው ኋላ ይግባ። ማጣበቂያ ሳይነካ ቢያንስ አንድ ረድፍ በወርዱ፣ አንድ ረድፍ በቁመቱ በደረቁ ይደርድሩ፤ ከዚያ ሲባጎውን ከደፉ ጋር ትይዩ አድርገው ይወጥሩ። ሲባጎውን ከጎን ግድግዳው ጋር ትይዩ አድርገው የወጠሩ እንደሆነ፣ ግድግዳው ካልቀና የመጀመሪያው ረድፍ በሩ ላይ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እየቀጠነ ይሄዳል፤ ያን ደግሞ ማንም የሚገባ ሰው ያየዋል።