ቀበቶው ሲሮጥ ዝም የሚለው ቆጣሪ

ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የካርቶን ማሸጊያ ቤት የማጓጓዣ ቀበቶው የሚጓዘው ርቀትና ፍጥነት በኢንኮደር፣ ማለትም የጎማን መሽከርከር ወደ ኤሌክትሪክ ምት በሚቀይር መሣሪያ፣ ይለካል። ቀበቶውን በእጄ ቀስ ብዬ ስገፋው ቆጠራው ትክክል ነበር፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን ቆጣሪው ቀጥ ይላል። ሽቦውን ጠርጥሬ ግማሽ ቀን በከንቱ አጠፋሁ።

ኢንኮደሩ በአንድ ዙር 1000 ምት ይሰጣል። የመለኪያው ጎማ ዙሪያ 200 ሚሊሜትር ስለሆነ ለአንድ ሚሊሜትር 5 ምት ይደርሳል። ቀበቶው በሰከንድ 300 ሚሊሜትር ሲሄድ 1500 ምት ይመጣል፤ እያንዳንዱም በርቶ የሚቆየው 0.33 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ምቶቹን የሚቀበለው የማሽኑ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር፣ የፒኤልሲው፣ የግብዓት ማጣሪያ ግን 6.4 ሚሊሰከንድ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከዚያ ያጠረውን ሁሉ እንደ ረብሻ ይጥለዋል። በፒኤልሲው ውስጥ ያለውን ፈጣን ቆጣሪ ማብራት ማጣሪያውንም የሚቀይር መስሎኝ ነበር፤ አይቀይርም።

የኢንኮደሩ ሁለት ምልክቶች የሚገቡባቸውን የሁለቱንም ግብዓቶች ማጣሪያ ወደ 10 ማይክሮሰከንድ አወረድሁ። በሜትር የለካሁትን 10 ሜትር በሙሉ ፍጥነት ሳስሮጥ ወደ 50,000 ምት ቆጠረ።