ለውጭ እንግዳ መንገድ መጠየቅን የሚያስተምር የአማርኛ ጭውውት እንዴት ይጻፋል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ለውጭ አገር እንግዶች አማርኛ ማስተማር ስጀምር፣ መጀመሪያ የጻፍኩት ጭውውት ሁለቱም ሰዎች «እርስዎ» የሚባባሉበት ነበር። ተማሪዬ አንዲት ቃል ሳያዛንፍ በቃሉ ያዘው። ከሰዓት በኋላ ወጥቶ አንዲት እናትን መንገድ ቢጠይቅ ግን «ታጠፍ» አሉት። እርሱ የሚያውቀው «ይታጠፉ»ን ብቻ ነበርና መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። በእኛ አገር ወጣት እንግዳ ትልቅ ሰውን በ«እርስዎ» ይጠይቃል፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ በ«አንተ» ወይም በ«አንቺ» ይመለስለታል። ስለዚህ ጀማሪ የሚናገረው አማርኛና የሚሰማው አማርኛ አንድ አይደለም። ጭውውቱን ሲጽፉ ከዚህ ይነሱ።

መጀመሪያ አንድ እውነተኛ መንገድ ይምረጡና በእግርዎ ይሂዱበት። የእኔ ተማሪ ወደ አንኮበር የሚሄድ መኪና ይፈልግ ስለነበር ጥያቄው ራሱ መጣ። መንገዱ ከአንድ መታጠፊያ፣ ከአንድ ምልክትም አይበልጥ። ምልክቱ ዳቦ ቤት ወይም ወፍጮ ቤት ቢሆን ይሻላል፤ ሰዎቻችን መንገድ የሚያሳዩት በመንገድ ስም ሳይሆን በሚታይ ነገር ነው።

ቀጥሎ የመላሹን ቃል ይጻፉ። ከጠያቂው በፊት እርሱን መጻፍ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ግን ተማሪው የሚቸገረው እዚያ ላይ ነው። ሦስት ሰዎችን ያንኑ መንገድ ይጠይቁና ያሉትን እንዳሉት ይመዝግቡ። ከዚያ ያሳጥሩት እንጂ «አያርሙት»።

አሁን ወደ ጠያቂው ይምጡ። ለእርሱ የአክብሮቱን መልክ ብቻ ይስጡት፦ ይንገሩኝ፣ ያሳዩኝ፣ ይድገሙልኝ። ይህ መልክ ለወንድም ለሴትም አንድ ስለሆነ፣ ጀማሪው «ንገረኝ» ልበል ወይስ «ንገሪኝ» ብሎ አይጨነቅም። «እባክዎ»ን በየመስመሩ መደርደር ግን አያስፈልግም። ትሕትናው ግሡ ውስጥ አለ፤ «ይድገሙልኝ» ላይ ያለችው «ል» ደግሞ «ለእኔ ብለው» የሚለውን ትጨምራለች። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው ሰላምታ መዝለል ነው። ሰላም ሳይል ጥያቄውን የሚወረውር ሰው፣ «እባክዎ» ቢደግምም ባለጌ ይመስላል።

እኔ በመጨረሻ የደረስኩበት ይህ ነው፦

እንግዳ፦ እንደምን ዋሉ፣ እማማ?
እማማ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት ዋልክ፣ ልጄ?
እንግዳ፦ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንድ ነገር ልጠይቅዎት?
እማማ፦ ጠይቅ።
እንግዳ፦ የአንኮበር መኪና የሚነሳው የት ነው?
እማማ፦ በዚህ ቀጥ ብለህ ሂድ። ዳቦ ቤቱን ስታልፍ ወደ ቀኝ ታጠፍ።
እንግዳ፦ ይቅርታ፣ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ።
እማማ፦ ቀጥ ብለህ ሂድ። ዳቦ ቤት አለ። ስታልፈው ወደ ቀኝ።
እንግዳ፦ ዳቦ ቤቱን አልፌ ወደ ቀኝ?
እማማ፦ አዎ፣ እዚያው ነው።
እንግዳ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

«ይድገሙልኝ» የምትለዋን መስመር ለማሳመር ብዬ አላስገባኋትም። ጀማሪ የመጀመሪያውን መልስ ሙሉ በሙሉ አይሰማም፤ ስለዚህ ማስደገሚያው የጭውውቱ አካል መሆን አለበት። ቀጥላ ያለችው የእንግዳው መስመርም የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ የሚያረጋግጥባት ናት። «ስታልፍ» የሚለውን «አልፌ» ብሎ ወደ ራሱ ማዞር ስላለበት እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ይስጡት። የእኔ ተማሪ ለዚህች አንዲት ቃል አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ፈጅቷል።

በወረቀት ላይ የማይጻፍ ነገርም አለ። እማማ «አዎ» በማለት ፈንታ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ ሊያደርጉ ይችላሉ። ያልለመደ እንግዳ ደነገጡ ወይም አመማቸው ብሎ ያስባል። መላሹን ሆነው ሲጫወቱ አንዳንዴ በዚህ ይመልሱለት። «ቀኝ» እና «ቀጥ» ላይም ያቁሙት፤ «ቀ»ን «ከ» እያለ «ከኝ» እና «ከጥ» ካለ የሚሰማው ሰው ግራ ይጋባል።

ልምምዱን ያለ ካርታ አይጀምሩ። አንድ ወረቀት ላይ መንገዱን፣ ዳቦ ቤቱንና ከእርሱ አልፎ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያስታጥፈውን ቦታ ይሣሉ፤ መኪናው የሚነሳበትን ቦታ ግን ባዶ ይተዉት። ተማሪው ጠይቆ ራሱ ምልክት ያድርግበት። መስመሮቹን ሁሉ በትክክል ተናግሮ ምልክቱን ሌላ ቦታ ካደረገ፣ መልሱ ረዝሞበታልና አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀንሱ።

በሦስተኛው ዙር ሳይነግሩት «ቀኝ»ን በ«ግራ» ይተኩት። የእኔ ተማሪ ያን ዕለት «ዳቦ ቤቱን አልፌ ወደ ቀኝ?» ብሎ በልበ ሙሉነት ጠየቀኝ። «ወደ ግራ ነው ያልኩህ» ስለው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ «ይቅርታ፣ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ» አለ።