ወለዱን ብቻ አይቶ መበደር፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በአሜሪካ የሚኖር ሰው 10,000 ዶላር የግል ብድር ጠየቀ እንበል። አበዳሪው 10 በመቶ ወለድ፣ የ3 ዓመት የመክፈያ ጊዜና በእንግሊዝኛው ኦሪጂኔሽን ፊ የሚባለውን 5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ያቀርብለታል።

የመጀመሪያው ስህተት ብድሩ 10 በመቶ ብቻ ያስወጣል ብሎ ማሰብ ነው። 500 ዶላሩ ከላይ ተቀንሶ ተበዳሪው እጅ የሚገባው 9,500 ነው፤ ወለዱና 322.67 ዶላር የሆነው ወርሃዊ ክፍያ ግን የሚሰሉት በ10,000 ላይ ነው። ያንኑ ወርሃዊ ክፍያ በእርግጥ ከተቀበለው 9,500 ጋር የሚያስተካክለው ዓመታዊ ምጣኔ፣ ማለትም ኤፒአር፣ 13.56 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ያለ ምንም የአገልግሎት ክፍያ 9,500 ዶላር በ12 በመቶ የሚያበድር ሌላ ተቋም ቢገኝ፣ ወለዱ ከፍ ያለ ቢመስልም ወርሃዊ ክፍያው 315.54 ብቻ በመሆኑ በ3 ዓመት ውስጥ ወደ 257 ዶላር ያተርፋል።

ሁለተኛው ስህተት ሒሳብ እንሠራለን በሚሉ ሰዎች ዘንድ ይበዛል፦ 5 በመቶውን ለ3 ዓመት አካፍሎ 1.67 ማግኘትና ከ10 ጋር ደምሮ 11.67 ነው ብሎ መደምደም። ስሌቱ የሚሳሳተው ዕዳው ሳይቀንስ 3 ዓመት ሙሉ የሚቆይ አድርጎ ስለሚወስድ ነው። ዋናው ዕዳ ግን በየወሩ እየተከፈለ ስለሚሄድ፣ ገንዘቡ በአማካይ በተበዳሪው እጅ የሚቆየው የውሉን ጊዜ ግማሽ ያህል ነው፤ የ500 ዶላሩም ጫና በዚያው መጠን ይከብዳል።

ሦስተኛው፣ በእኔ ግምት ብዙ የማይታሰብበት፣ ኤፒአር ብድሩ እስከ መጨረሻው እንደሚቆይ ታስቦ የተሰላ መሆኑን መዘንጋት ነው። ተበዳሪው ከ12ኛው ወር ክፍያ ጋር ቀሪውን 6,993 ዶላር ገደማ ጠቅልሎ ቢከፍል፣ የአገልግሎት ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ የማይመለስ በመሆኑ፣ በእርግጥ የከፈለው ምጣኔ ወደ 16.3 በመቶ ያድጋል። ቀድሞ መክፈል ወለድን ያስቀራል፤ የአገልግሎት ክፍያውን ግን በአጭር ጊዜ ላይ ይቆልለዋል። ብድሩን ቶሎ ለመዝጋት ያሰበ ሰው እንግዲህ ከሁለት ተቀራራቢ ኤፒአሮች መካከል የአገልግሎት ክፍያ የሌለበትን ቢመርጥ ይሻለዋል።

የቤት ብድር ላይ ደግሞ ኤፒአር ሁሉንም ወጪ ያካትታል ብሎ ማመን ያሳስታል። እንደ ቤት ግምት እና የባለቤትነት ማረጋገጫ ኢንሹራንስ ያሉ ወጪዎች ተመጣጣኝ እስከሆኑ ድረስ ከስሌቱ ውጭ እንዲሆኑ የአሜሪካ ደንብ ይፈቅዳል። አበዳሪው የብድሩን ዝርዝር በሚያሳውቅበት፣ ሎን ኤስቲሜት በተባለው ባለ 3 ገጽ ሰነድ ላይ ወለዱ በመጀመሪያው፣ ኤፒአሩ በሦስተኛው ገጽ ሰፍሯል፤ ከስሌቱ ውጭ የቀሩት ወጪዎች ግን በሁለተኛው ገጽ ተዘርዝረው ስለሚገኙ፣ ሁለት አበዳሪዎችን የሚያወዳድር ሰው ያንን ገጽ መስመር በመስመር ማስተያየት ይኖርበታል።