ፈጣን የምስር ወጥ ለተማሪ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነን ካፌ ለሆናችሁና በአንድ ስቶቭ ለምታበስሉ ተማሪዎች፣ 40 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ የምስር ወጥ ይኸውላችሁ። ለሁለት ሰው አንዴ፣ ለአንድ ሰው ደግሞ ለምሳም ለራትም ይበቃል።

የሚያስፈልገው፦ 1 የውሃ ብርጭቆ ምስር ክክ፣ 2 ትልልቅ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 3 ብርጭቆ የፈላ ውሃ፣ ጨው፣ ካለ መከለሻ።

አሠራሩ፦ ምስሩን አጥባችሁ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉ። ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ክተፉና አቁላሉ። ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ በርበሬ ጨምሩ። ቁሌቱ ሲበስል ምስሩንና የፈላውን ውሃ ጨምራችሁ አብስሉ። በመጨረሻ ጨውና መከለሻ።

ይኸው ነው። ወጡ የሚበላሸው ግን ብዙውን ጊዜ ከሚከተሉት በአንዱ ነው።

ጊዜ ለመቆጠብ ሽንኩርቱን ማጣደፍ

ሽንኩርቱ ገና ነጭ እያለ በርበሬ ከገባበት፣ ወጡ ላይ ቁርጥራጩ ብቻውን ይንሳፈፋል፤ መረቁም ቀጥኖ ይቀራል። ለወጡ ውፍረት የሚሰጠው የሟሟ ሽንኩርት ነው። መጀመሪያ ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት አቁላሉት። ከታች መያዝ ሲጀምር ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉና አማስሉ። 12 ደቂቃ ያህል ሲሆነው ይለሰልሳል፣ ቀለሙም ወርቃማ ይሆናል። ዘይቱን ያን ጊዜ ጨምሩ። ጊዜ መቆጠብ ያለበት ምስሩ ላይ ነው፦ ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ምስሩ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከቆየ፣ በኋላ በ15 ደቂቃ ይበስላል።

በርበሬውን ማሳረር፣ ወይም ጥሬውን መተው

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሁለቱም ጫፎች ወጡን ያበላሻሉ።

በርበሬ በጋለ ዘይት ላይ ደርቆ ከተነሰነሰ በሰከንዶች ውስጥ ያራል። ቀለሙ ወደ ጥቁር ይሄዳል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ወጡም ይመራል። ያረረ በርበሬ በምንም አይስተካከልም። ምስሩ ሳይገባ ቁሌቱን ደፍቶ እንደገና መጀመር ይሻላል፤ አለዚያ ምስሩም አብሮ ይባክናል።

በሌላ በኩል፣ በርበሬው እንደገባ ምስርና ውሃ የሚጨምሩ አሉ። ያኔ ወጡ ጥሬ በርበሬ በርበሬ ይላል፣ ጉሮሮም ይከረክራል፣ ብሉኝ ብሉኝ የሚለው መዓዛም አይመጣም።

እንዲህ አድርጉ። እሳቱን ቀንሱ። በርበሬውን ከመጨመራችሁ በፊት ሩብ ብርጭቆ ውሃ ሽንኩርቱ ላይ አድርጉ። በርበሬውን ጨምራችሁ አማስሉ። ውሃው ሲመጠጥ እንደገና ጠብ አድርጉ። ይህን ሦስት ጊዜ ያህል ደጋግሙት፤ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይወስዳል። መብሰሉን የምታውቁት በዓይን ነው፦ ቁሌቱ ደማቅ ከነበረው ቀለሙ ጠቆር ይላል፣ ዘይቱም በዳር በዳሩ ተለይቶ ይወጣል። ዘይቱ ካልወጣ ትንሽ ታገሱ።

ድፍን ምስር ገዝቶ በክክ ሰዓት መጠበቅ

ድፍን ምስር ልጣጩ ስላለ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ለችኮላ የሚሆነው ቀዩ ክክ ነው። ስታጥቡት ውሃው እስኪጠራ ድረስ አጥቡት፤ ካልታጠበ አረፋው ይበዛና ድስቱ ገንፍሎ ስቶቩን ያበላሻል።

ቀዝቃዛ ውሃና ቲማቲም

እየፈላ ያለ ወጥ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከገባ መንተክተኩን ያቆማል፤ የስቶቭ እሳት ደካማ ከሆነ ደግሞ እንደገና እስኪፈላ ብዙ ደቂቃ ይባክናል። ውሃውን አስቀድማችሁ አፍሉ። ሦስቱንም ብርጭቆ አንዴ አትገልብጡ፤ በሁለቱ ጀምሩና ሲወፍር ጨምሩ።

ቲማቲም የምትወዱ፣ ምስሩ ከለሰለሰ በኋላ አስገቡት። ኮምጣጣነቱ ምስሩ ቶሎ እንዳይበስል ያደርገዋል። «ምስሩ አልበስል አለኝ» ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። እኔን ከጠየቃችሁ ግን፣ ሽንኩርቱ በቂ ከሆነ ቲማቲም አያስፈልገውም።

ሳይቀምሱ ጨው መጨመር

የተዘጋጀ በርበሬ ብዙ ጊዜ ሲደለዝ ጨው ይገባበታል። ወጡም እየወፈረ ሲሄድ ጨውነቱ ይጎላል። ስለዚህ ምስሩ ከበሰለ በኋላ ቅመሱና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጀምሩ። መከለሻውም ልታወጡት ሁለት ደቂቃ ሲቀር ይገባል፤ ቀድሞ ከገባ መዓዛው በእንፋሎት ይሄዳል።

ለራት ሲያሞቁት ማሳረር

ምስር ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል። እንዲሁ ከተጣደ ከታች ይይዛል። ሁለት ሦስት ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ፣ በቀስታ እያማሰላችሁ አሙቁት። ፍሪጅ ከሌላችሁ ግን ለነገ አታሳድሩት፤ ግማሽ ብርጭቆ ምስር ብቻ ሠርታችሁ ወዲያው ብሉት።