ዳታችሁን የበላው ጌሙ ነው ወይስ ሌላ?

ችግር፦ አንድ ጊጋ ገዝቼ ሁለት ዙር ሳልጫወት አለቀ

ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠረጥረው ጨዋታውን ነው። ግን እንደ ፐብጂና ፍሪ ፋየር ያሉ ጌሞች በጨዋታ መሃል የሚልኩትና የሚቀበሉት ጥቃቅን መረጃ ነው፦ የት እንደቆማችሁ፣ ወዴት እንደተኮሳችሁ። ካርታው፣ ምስሉና ድምፁ አስቀድሞ ስልኩ ላይ ወርዷል። በሁለት ዙር ጊጋ ካለቀ ሌላ የወረደ ነገር አለ ማለት ነው።

ማን እንደበላው ስልኩ ራሱ ይናገራል። አንድሮይድ ላይ Settings ገብታችሁ የዳታ አጠቃቀሙን ክፈቱ፤ ቦታው እንደ ስልኩ ይለያያል። ጌሙን ስትነኩት ሁለት ቁጥር ታያላችሁ። Foreground የሚለው ጌሙ ከፊታችሁ ተከፍቶ ሳለ የሄደው ነው። Background የሚለው ደግሞ ከወጣችሁ በኋላ ከጀርባ የሄደው።

አንድ የጎረቤት ልጅ በዚሁ ጉዳይ ተማሮ ስልኩን አመጣልኝ። ፐብጂ 730 ሜጋ ወስዷል፤ ከዚያ ውስጥ ከጀርባ የሄደው 12 ሜጋ ብቻ ነው። ፕሌይ ስቶር 190 ሜጋ። የቀረውን ቴሌግራም ጨርሶታል። ጓደኞቹ «የጀርባውን ዝጋው» ብለውት ነበር፤ ቢዘጋው የሚያተርፈው ያቺን 12 ሜጋ ነው። ትልቁ ቁጥር የመጣው ጌሙ ውስጥ አዲስ ካርታ ስለነካ ነው። ካርታው ላይ ወደ ታች የምታመለክት ቀስት ነበረች፤ እሷን መንካት ማለት ማውረድ ማለት ነው። እሱ ሲጫወት ይውረዱ ያላቸው ፋይሎች ይወርዱ ነበር።

መፍትሄው እንግዲህ እንደ ቁጥሩ ነው። Foreground ከበዛ ቀስት ያለባቸውን ካርታዎችና አልባሳት አትንኩ፤ በዋይፋይ አውርዱ። ጌሙ ከፕሌይ ስቶር ከታደሰ በኋላም ውስጡ ገብታችሁ፣ ፐርሰንቱ መቶ እስኪሞላ ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ፕሌይ ስቶር ጨረስኩ ሲለው ዋይፋዩን ትቶ ይሄዳል፤ ዋናው ፋይል ግን ገና አልወረደም።

ፕሌይ ስቶር ከበዛ መገለጫ ምስላችሁን ነክታችሁ Settings፣ ከዚያ Network preferences፣ ከዚያ Auto-update apps ግቡ። Over Wi-Fi only የሚለውን ምረጡ።

ችግር፦ ልክ ልተኩስ ስል ጌሙ ይቆራረጣል

ኔትወርኩ ደካማ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ላይ ብዙ ማድረግ አይቻልም። ግን ፒንጉ ደህና ቆይቶ ድንገት ከዘለለ ሌላ አፕ መስመሩን ይዞታል። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ነው። አንድ ግሩፕ ውስጥ ቪዲዮ ሲለጠፍ ሳትከፍቱት ሊወርድ ይችላል። ቴሌግራም ውስጥ Data and Storage ገብታችሁ በሞባይል ዳታ በራሱ የሚያወርደውን አጥፉ። የስልኩን Data Saver ማብራትም የሌሎቹን አፖች የጀርባ ዳታ ይይዛል።

ችግር፦ ለጓደኛዬ ሆትስፖት ከፈትኩ፣ ጥቅሌ በደቂቃዎች አለቀ

የጓደኛችሁ ስልክ የእናንተን ሆትስፖት እንደ ዋይፋይ ሊቆጥረው ይችላል። «በዋይፋይ ብቻ አድስ» ብሎ የተቀመጠው ሁሉ ያኔ ይነቃል። እሱ ስልክ ላይ የሆትስፖቱን ስም ነክቶ Treat as metered የሚለውን ይምረጥ፤ ስልኩ እንደ ሞባይል ዳታ ይቆጥበዋል።

እንደ ሚኒ ሚሊሺያ ያሉ በሆትስፖት የሚገናኙ ጌሞች ከሆኑ ደግሞ ኢንተርኔት ጭራሽ አያስፈልግም። ሆትስፖቱን የከፈተው ሰው ሞባይል ዳታውን ያጥፋ፤ ስልኮቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ። ሆትስፖቱ እምቢ ካለ Data Saver በርቶ እንደሆነ እዩ፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

ችግር፦ ያለ ኢንተርኔት ይሰራል የተባለው ጌም አልከፈት አለ

ሰብዌይ ሰርፈርስ፣ ሂል ክላይምብ ሬሲንግ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚጫወቱት ሉዶ ኪንግ ያለ ዳታ ይሄዳሉ። ግን መጀመሪያ ሲከፈቱ የሚያወርዱት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከዋይፋዩ ሳትርቁ አንዴ ክፈቷቸው፣ ዝጉ፣ ስልኩን Airplane mode ላይ አድርጋችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ያኔ ከተከፈተ ታክሲ ውስጥም ይከፈታል። የዕለቱ ስጦታና ከጓደኛ ጋር መወዳደር አይኖርም፤ የቪዲዮ ማስታወቂያውም አብሮ ይጠፋል፣ ዳታ በርቶ ሲሆን እነዚህን ቀላል ጌሞች ዳታ በሊ የሚያደርጋቸው እሱ ነውና።

ጥቅሉ ሲያልቅ ወደ ካርዱ ሂሳብ እንዳይሻገር ከፈለጋችሁ፣ እዚያው የዳታ አጠቃቀሙ ገጽ ላይ Set data limit አለ። አንድ ጊጋ ከገዛችሁ 950 ሜጋ ላይ አስቀምጡት። የስልኩ ቆጠራና የቴሌው ቆጠራ አንድ ላይሆን ስለሚችል ትንሽ ክፍተት ይኑረው። ቆጠራው የሚጀምርበትን ቀን ጥቅሉን ከገዛችሁበት ቀን ጋር አስተካክሉ፤ አለበለዚያ የፊተኛው ወጪ ተደምሮ ገና ሳትጫወቱ ያቆማችኋል።